የሲሪስ ጥያቄን ከፎቶ አንብበው ቴስት ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዳማ የተማሪ ዶርሞች የካልኩለስ ወርክሺት ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው በፎቶ ነው። ፎቶው በተላላከ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ቀድመው የሚጠፉትም ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው፦ ፓወር፣ ቅንፍ፣ የፋክቶሪያል ምልክት። የትኛው ቴስት እንደሚሠራ የሚወስኑት ግን እነዚሁ ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ቅንፉን ሳያጣሩ ወደ ስሌት መግባት ነው። ከላይ 1፣ ከታች n እና ln n፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ 2 ይታያል እንበል። 2ቱ የሎጋሪዝሙ ከሆነ ሲሪሱ 1/(n(ln n)²) ነው፤ ኮንቨርጅ ያደርጋል። የ n ብቻ ከሆነ ግን ln(n²) = 2 ln n ስለሆነ የ 1/(n ln n) ግማሽ ይሆናል፤ ይህ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ፎቶው ሲጎላም ካልለየ ዋናውን ወረቀት የያዘ ሰው ይጠይቁ፤ በግምት መሄድ አያዋጣም። የመነሻውን ቁጥርም ይዩት። n = 1 ብለው ካነበቡ ln 1 = 0 ስለሆነ ከታች ዜሮ ይመጣል፤ ያኔ ንባቡ አንድ ቦታ ተሳስቷል።

2ቱ የሎጋሪዝሙ መሆኑ ተረጋገጠ፣ መነሻውም n = 2 ነው እንበል። ብዙዎች ወዲያው ሬሾ ቴስት ይጀምራሉ። ሬሾ የሚጠቅመው n! ወይም እንደ 3ⁿ ያለ ነገር ሲኖር ነው። የ n ፓወርና ሎጋሪዝም ብቻ ባሉበት ሊሚቱ ሁልጊዜ 1 ይወጣል፤ 1 ደግሞ ምንም አይናገርም። «1 ወጣ፣ ስለዚህ ዳይቨርጅ ያደርጋል» ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስቀንሳል።

ኮምፓሪዝን ላይ የሚሳሳቱት አቅጣጫውን ነው። ከ n = 3 ጀምሮ የኛ ተርም ከ 1/n ያንሳል፤ ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ማነስ ግን ማስረጃ አይሆንም። ከ 1/n² ደግሞ ይበልጣል፤ ኮንቨርጅ ከሚያደርግ መብለጥም እንዲሁ። ከታች የነበረው n ሳይሆን n² ቢሆን ኖሮ ከ 1/n² ማነሱ ብቻ ጥያቄውን ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ n ላይም የጠፋ ፓወር እንዳለ ደግመው ይመልከቱ።

የቀረው ኢንተግራል ቴስት ነው። ከ 2 ወዲያ x እና ln x ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው፣ ሁለቱም ያድጋሉ፤ ስለዚህ ፈንክሽኑ ፖዘቲቭ፣ ያልተቋረጠና እየቀነሰ የሚሄድ ነው። ይህን አንድ መስመር ሳይጽፉ ማለፍ በጣም የተለመደ ጉድለት ነው። u = ln x ሲባል du = dx/x ይሆናል፤ የ 1/u² ኢንተግራል ከ ln 2 እስከ ∞ 1/ln 2 ነው፣ ወደ 1.443 ገደማ። ውስን ስለሆነ ሲሪሱ ኮንቨርጅ ያደርጋል።

ይህን 1.443 ግን የሲሪሱ ድምር ነው ብለው አይጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተርሞች 1.041፣ 0.276 እና 0.130 ብቻቸውን ሲደመሩ 1.447 ደርሰው ያልፉታል።