ታይቶ የማይደወልበት የሽያጭ ቪዲዮ፦ ጥሪው የት ይግባ?

ድምፁ ጥርት ያለ፣ ብርሃኑ በቂ፣ ስልክ ቁጥሩም ትክክል ነው እንበል። ብዙ ሰው አይቶታል፣ «ደውሉ» የሚለውን ጥሪ ሰምቶ የሚደውል ግን የለም። እዚህ ላይ ሐዋሳ ያለው ባለሱቅ አብዛኛውን ጊዜ «ማስታወቂያው ይበልጥ ይሰራጭ» ብሎ ገንዘብ ይጨምራል። ከመጨመሩ በፊት ሰው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንዳየ የሚያሳየውን የቪዲዮውን የቆይታ ግራፍ እና የአስተያየት መስጫውን ጎን ለጎን ይክፈት። ጉድለቱ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ይታያል።

ምልክት፦ ግራፉ ገና በመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ይወድቃል

ይህ የጥሪ ችግር አይደለም። መግቢያው ላይ የሚሽከረከረውን ሎጎ አውጡና እንደገና ልቀቁት።

ምልክት፦ ግራፉ ዕቃው ሲሠራ እስከሚታይበት ማሳያ ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ እንደ ገደል ይወርዳል

ገደሉ ያለበትን ሰከንድ ፈልጋችሁ አድምጡ። «በመጨረሻም» ወይም «እንግዲህ ውድ ደንበኞቻችን» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፣ ካልሆነም የሙዚቃው ለውጥ ነው። ተመልካቹ መሰናበቻ መሆኑን በድምፁ ቃና ብቻ ያውቃል፣ ጣቱም ወዲያው ወደ ላይ ይገፋል። ስልክ ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ ከዚህ በኋላ፣ ማንም በሌለበት ነው። መፍትሄው መሰናበቻውን ማሳጠር ሳይሆን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ምስጋናውን ለሚገዛው ሰው አቆዩለት።

ምልክት፦ ሰው እስከ ጥሪው ይቆያል፣ ከታች «ዋጋ?» ብሎ ይጽፋል፣ አይደውልም

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው። መንስኤው ጥሪው የመጣው ተመልካቹ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ሳለ መሆኑ ነው። ጥያቄ ያለበት ሰው ስልክ አያነሳም፤ ቢደውል እንደሚያግባቡት፣ «አልገዛም» ማለትም እንደሚከብደው ያውቃል። ስለዚህ መጻፉ ይቀለዋል። ባለሱቁ ደግሞ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ይመልሳል! ይህች መልስ ያሳጣችውን ደንበኛ የትኛውም ማስታወቂያ አይመልሰውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጥ የሐዋሳ ሱቅ 88 ሰከንድ ቪዲዮ እንውሰድ። በተለመደው አሠራር 10 ሰከንድ የሱቁ ስም፣ 10 ሰከንድ «ጥራቱን የጠበቀ» የሚል ንግግር፣ 30 ሰከንድ ጋገራ፣ ቀሪው እንደገና ጥራት፣ ምስጋና፣ በመጨረሻም ከሙዚቃ ጋር አድራሻና ቁጥር ነው። ከታች የሚጻፉት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ ዋጋው ስንት ነው፣ ብሬከር አይጥልም ወይ፣ ሸክላው አይሰነጠቅም ወይ፣ ሻሸመኔ ትልካላችሁ ወይ። ለቪዲዮው ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል።

እንዲህ እንደገና ይቆረጥ። ከ0 እስከ 6 እንጀራ ተጣብቆ ሲቀደድ ይታይ፣ ያለ ምንም ሰላምታ። እስከ 14 ምክንያቱ ይነገር፦ ከሸክላው ስር ያለው ሽቦ እኩል ካልተዘረጋ አንዱ ወገን ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። ከ14 እስከ 40 ጋገራው ነው። አንድ እንጀራ ከ2 ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ መሃሉ መቆረጡ አይቀርም። ነገር ግን ሊጡ ሲዞር፣ አክንባሎው ሲከፈትና እንጀራው በሰፌድ ሲነሳ፣ ሦስቱም እያንዳንዳቸው ሳይቆራረጡ ይታዩ። ሲነሳ የተቆረጠ ቪዲዮ ማጭበርበር ይመስላል፤ ተመልካቹም ልክ ነው።

እንጀራው የሚነሳበት ሰከንድ የቪዲዮው ጫፍ ነው። ብዙ ሰው ጥሪውን እዚሁ ይለጥፋል፣ አንዳንዱ እንዲያውም አክንባሎው ሳይከፈት «አሁኑኑ ደውሉ» ይላል። ያኔ ሰው የሚጠብቀው እንጀራውን ስለሆነ ጥሪውን አይሰማውም። ከጫፉ በኋላም ቢሆን በቀጥታ አይገባም። ከ40 እስከ 58 ያሉት 18 ሰከንዶች የጥርጣሬዎቹ ናቸው።

መጀመሪያ ዋጋው በቁጥር ይነገር፣ በስክሪኑም ይጻፍ። ከማሳያው በፊት ከተነገረ ሰው ገበያ ላይ ካለው ርካሽ ምጣድ ጋር ያወዳድረዋል፤ ከጥሪው በኋላ ከመጣ ደግሞ ጥሪው ባዶ ሆኖ ያልፋል። ቦታው መሃል ላይ ነው። ቀጥሎ ብሬከሩ ይነሳ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ፣ 10 አምፔር ብሬከር ላይ እንደሚጥል በግልጽ ይነገር። «ምንም አይሆንም» ብሎ መሸፈን አንድ ሽያጭ አስገኝቶ አንድ ተመላሽ ዕቃና አንድ ክፉ አስተያየት ያመጣል። ከዚያ የሸክላው ዋስትና፦ ለስንት ጊዜ እንደሆነና ምን ምን እንደማይሸፍን።

ከ58 እስከ 66 ጥሪው ነው። አንድ ድርጊት ብቻ ይጠየቅ። «ደውሉ፣ ቴሌግራም ተቀላቀሉ፣ ሼር አድርጉ፣ ሱቃችን ኑ» በአንድ ትንፋሽ ከተባለ ሰው አንዱንም አያደርግም። ቁጥሩ ለ8ቱም ሰከንድ በስክሪኑ ይቆይ፣ ሁለት ሁለት አሃዝ እየተከፈለ ቀስ ብሎ ይነበብ። ቲክቶክ ላይ ከታች ያለው ሩብ ያህል በመግለጫ ጽሑፍ፣ የቀኙ ጠርዝ ደግሞ በአዝራሮች ይሸፈናል፤ ቁጥሩን ከመሃል ከፍ አድርጉት። በመግለጫው ላይ የተለጠፈ ሊንክም ተነክቶ አይከፈትም፣ አትድከሙ።

ከ66 እስከ 78 ባለው ጊዜ የሻሸመኔው ሰው ይመለስለት፦ በምን ይላካል፣ ማጓጓዣውን ማን ይከፍላል፣ ገንዘቡ ቀድሞ በቴሌብር ይላካል ወይስ ዕቃው ሲደርስ ይከፈላል። ይህ ሆን ተብሎ ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ይቀመጣል፤ ሐዋሳ ያለው ሰው ስለ መላኪያ ለመስማት መጠበቅ የለበትም። ከዚያ ያው ጥሪ፣ በዚያው ቃል፣ 6 ሰከንድ። በ84ኛው ሰከንድ ቪዲዮው ያብቃ። ሎጎ የለም፣ ሙዚቃ የለም።

ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም?

ለቪዲዮው ብቻ የሚውል ሌላ ሲም ካርድ አውጡ፣ የደዋዩን የመጀመሪያ ጥያቄም ጻፉ። «አለ?» ወይም «ሱቃችሁ ፒያሳ የቱ ጋ ነው?» ካለ ቪዲዮው ሥራውን ሠርቷል። «ስንት ነው?» የሚለው ከበዛ የዋጋው ክፍል ፈጥኗል ወይም በሙዚቃ ተውጧል። «ይጥላል አይደል?» ካለ የብሬከሩ መልስ አላሳመነም፤ በቃል ከመድገም ብሬከሩን ራሱን አሳዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ቀይሩ። ሁሉን አንድ ላይ የቀየረ የቱ እንደሠራ አያውቅም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ዕቃው ርካሽና የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ የስልክ ቻርጀር፣ ይህ ሁሉ መንገድ አያስፈልግም፤ ዋጋና ጥሪ በ10 ሰከንድ ይበቃል። ቤት ወይም መኪና ከሆነ ደግሞ «ግዙ» የሚል ጥሪ ያስደነግጣል፤ «መጥታችሁ እዩ» በሉ።

«3 ብቻ ቀርቷል» የሚለው በእርግጥ 3 ሲቀር ብቻ ይነገር። ቪዲዮው የወጣበት ቀን ከሥሩ ይታያል፣ ሰው ይቆጥራል።

ጥሪው ሰርቶ ስልኩ የማይነሳበትም አለ። ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው ማታ ነው፣ የሱቁ ስልክ ግን 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ወይ እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚያነሳ ሰው መድቡ፣ ወይ የመደወያ ሰዓቱን ከቁጥሩ ሥር ጻፉ።