«እመልስልሃለሁ» ያለው ማን ነው? መቼ? ለምን ጥያቄ? ስክሪንሾት ማስረጃ ሆኖ እንዲያገለግል

ጅማ ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ክርክር ያለበት ሰው ስልኩን ዘርግቶ «ይህችን አትምልኝ» ይለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ «ይህች» የምትባለው ለማስረጃነት የማትበቃ ናት። በርጩማዋ በታወቀው ከተማችን ሶፋ ያዘዘ አንድ ደንበኛ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ለአናጢው 12,000 ብር ቀብድ ከፍሎ ነበር። ሶፋው አልደረሰም፣ ቀብዱም አልተመለሰም። ይዞት የመጣው ስክሪንሾት ላይ ያለችው አንዲት መልእክት ብቻ ነበረች፦ «እሺ፣ እመልስልሃለሁ»።

ችግር፦ መልእክቱ አለ፣ ትርጉሙ ግን ያከራክራል

አናጢው ሽማግሌዎች ፊት «መልስ እሰጥሃለሁ ማለቴ ነው» አለ። እውነት ለመናገር፣ ቃሉ ይህንንም ይሸከማል። ደንበኛዬ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ከላይ ያለውን የራሱን ጥያቄ ቆርጦ ጥሎታል። ስልኩን አስከፍቼ ወደ ላይ ስንወጣ «ሶፋውን ትቼዋለሁ፣ 12,000 ብር ቀብዴን መልስልኝ» የሚል አገኘን። ክርክሩን የምትፈታው ያቺ መስመር ነበረች።

መፍትሄው ከስምምነቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው መልእክት ያለውን ሁሉ ሳይቆርጡ ማንሳት ነው። ገጹ ሲሞላ ቀጣዩን ስታነሱ፣ የፊተኛው ሥዕል የመጨረሻ ሁለት መልእክቶች በአዲሱ አናት ላይ ይደገሙ። መደጋገሙ በመሃል የተዘለለ ነገር እንደሌለ ያሳያል። እናንተን የማያስደስት መልእክት ቢኖርም ይግባ፤ ሌላኛው ወገን ከራሱ ስልክ አውጥቶ ቢያሳይ የቀረው ማስረጃችሁም ይጠረጠራል።

ችግር፦ ቀኑ አይታወቅም

መልእክቱ አጠገብ የሚታየው ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑ የሚገኘው በየዕለቱ መልእክቶች አናት ላይ፣ መሃል ላይ ባለችው ትንሽ ጽሑፍ ነው። እርሷም ብትሆን የያዝነውን ዓመት ቁጥር ትተወዋለች፤ በአንዳንድ መተግበሪያ ደግሞ «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ብቻ ትላለች። የ«ዛሬ» ስክሪንሾት ከሦስት ወር በኋላ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ያቺ የቀን ጽሑፍ ሥዕሉ ውስጥ እንድትገባ አድርጉ። «ዛሬ» የሚል ከሆነ በማግስቱም ከዚያ በኋላም ደግማችሁ አንሱ። ማመልከቻው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የደንበኛዬ ስልክ January 21, 14:20 ይላል፤ ይህም ጥር 13 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡20 ነው። እርሱ ግን በእጁ «ከቀኑ 2፡20» ብሎ ጽፎ ነበር። ጽሑፉና ሥዕሉ ካልተገናኙ ተከራካሪው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ችግር፦ የላኪው ማንነት አይታይም

አናት ላይ ያለው ስም «ሶፋ አናጢ» ይላል። ይህን ስም የሰጠው ባለስልኩ ራሱ ነው፤ እኔም ነገ ጎረቤቴን «ሶፋ አናጢ» ብዬ መመዝገብ እችላለሁ። ስሙን ነክታችሁ ስልክ ቁጥሩና በ@ የሚጀምረው መለያው የሚታይበትን ገጽ አንሱ። ቀብዱ የተላከበት የባንክ ደረሰኝ ላይ ካለው ስም ጋር አብሮ ሲቀርብ ይጠነክራል።

ችግር፦ ማስታወቂያው ከየት እንደመጣ አይታወቅም

አናጢው «በ20 ቀን እናስረክባለን» ያለው በፌስቡክ ማስታወቂያ ነበር። በስልኩ መተግበሪያ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ የለም፤ በስልክ ማሰሻ ቢከፈትም አድራሻው ወደ ታች ሲወርዱ ይደበቃል። ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና ከማስታወቂያው በላይ ያለውን ጊዜ ተጫኑ፤ ማስታወቂያው ለብቻው ይከፈትና የራሱ አድራሻ ከላይ ይመጣል። ጠቋሚውን ጊዜው ላይ ስታሳርፉት ሙሉ ቀኑና ሰዓቱ ይወጣል። ከዚያ Windows እና PrtScn አብራችሁ ተጫኑ። Win + Shift + S የመረጣችሁትን ክፍል ብቻ ስለሚቆርጥ ብዙ ሰው አድራሻውን የሚያጣው በእርሱ ነው። መላው ማያ ከተነሳ አድራሻው ከላይ፣ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ከታች በቀኝ በኩል አብረው ይገባሉ። አድራሻው ረጅም ሆኖ ጫፉ ካልታየ ቀድታችሁ ከሥዕሉ ሥር ለጥፉት።

ከታተመ በኋላ

ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊሰርዘው ይችላል፤ ስለዚህ ጠቡ ሲጀመር ሳትዘገዩ አንሱ። የውይይቱ ዋና ቅጂ ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ስለሆነ እናንተ አትሰርዙት፣ ስልኩንም አትሽጡ። ሥዕሉን ወደ እኔ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ትንንሾቹ ሰዓቶች ይደበዝዛሉ። በጥቁርና ነጭ ሲታተም የሁለቱ ወገን መልእክት ቀለሙ ስለሚመሳሰል «በቀኝ ያለው የእኔ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ የአማርኛ ውይይት ስታቀርቡ ትርጉሙ አብሮ ይያያዝ። ተርጓሚው «እመልስልሃለሁ» የምትለውን ቃል ጥያቄዋን ሳያይ እንዳይተረጉም፣ ሁሉንም ገጾች በተራ ቁጥር ስጡት።