የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ በጉዲፈቻ ሲወሰድ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ ጠበቃ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁሉም መዝገብ በላይ የሚያመኝ አንድ ዓይነት አለ። አሳዳጊ ይሞታል። የአርባው ተዝካር ሳይወጣ ዘመድ ይሰበሰባል። ከዚያ እዚያው ቤት ያደገው ልጅ «አንተ እኮ ወራሽ አይደለህም» ይባላል። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ ስላየሁ ነው የምጽፈው። የምናገረው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ጠይቁ።

«እኔ አሳደግኩት፣ ልጄ ነው» ብሎ መቀመጥ

የእህትን ልጅ ማሳደግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናት ትሞታለች፣ ወይም ዓረብ አገር ትሄዳለች። ወይም ልጁ ከተማ ገብቶ እንዲማር ይላካል። ማንም ስለ ወረቀት አያነሳም፤ ማንሳቱም ነውር ይመስላል። ልጁ አክስቱን «እማዬ» እያለ ያድጋል፣ ጎረቤቱም ልጇ ነው ይላል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጉዲፈቻ ስምምነት ነው። ስምምነቱም በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። 20 ዓመት ማሳደግ የፍርድ ቤቱን ማኅተም አይተካም።

አንድ መዝገብ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ሳታገባ፣ ሳትወልድ ኖረች። እህቷ ስትሞት የ4 ዓመት ልጇን ወሰደች። አስተማረቻት፣ ኮሌጅ አስገባቻት። ከዚያ በድንገት አረፈች። ኑዛዜ የለም፣ ጉዲፈቻ የለም። ያለው አንድ ቤት ነው። የሟች ወላጆች ቀደም ብለው ሞተዋል። በሕይወት ያሉት ሁለት ወንድሞቿ ናቸው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ልጅ ከሌለ አባትና እናት ይወርሳሉ። እነሱም ከሞቱ የእነሱ ልጆች፣ ማለትም የሟች እህትና ወንድሞች፣ ተተክተው ይገባሉ። ስለዚህ ቤቱ ለሦስት ተከፈለ። ሁለቱ እጆች ለሁለቱ ወንድሞች፣ አንዱ እጅ ለሞተችው እህት። ልጅቷ ይህን ሢሶ ያገኘችው አክስቷ ስላሳደገቻት አይደለም። የወለደቻት እናት ስለሞተችና እሷን ስለተካች ብቻ ነው። እናቷ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ሢሶው ለእናቲቱ ይሆን ነበር፤ ልጅቷ ምንም አታገኝም። አክስት በሕይወት እያለች ጉዲፈቻ አስጸድቃ ቢሆን ኖሮ ግን ልጅቷ ብቸኛ ልጅ ናት። አጎቶቿ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚጠይቁበት መንገድ አይኖርም፤ ሙሉ ቤቱ የእሷ ነው።

ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ የትምህርት ቤት የወላጅ ፊርማዎችን፣ የልደት ፎቶዎችን፣ የሆስፒታል ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። በሁሉም ላይ የአክስቷ ስም አለ። አንዱንም የጉዲፈቻ ማስረጃ አድርጌ ላቀርብላት አልቻልኩም።

«ሞግዚትነት አውጥቻለሁ» የምትሉም አላችሁ። ሞግዚትነት ልጁን ለመንከባከብ፣ ንብረቱን ለማስተዳደር፣ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባቱ ሲጠይቅ፣ ላሳደገችው አክስት እንዲሆን ወስኗል። የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ነው እንዲህ ያለው። ለአሳዳጊ ዘመዶች ትልቅ ውሳኔ ነው። ግን የሚናገረው ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ነው። አክስትን ለመውረስ አያበቃም።

ልጁን እንደወለዱት አድርጎ የልደት ካርድ ማውጣት

ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። «ለምን ፍርድ ቤት እንመላለሳለን? በእኔ ስም ላስመዝግበው» ይላሉ። በደግነት የተጀመረ ነገር ስለሆነ ጥፋት አይመስላቸውም።

ጥፋት ነው። ሐሰተኛ የልደት ምዝገባ በወንጀል ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ ልጁን ባዶ ላይ ያቆመዋል። ዘመድ የውርስ ክርክር ሲያነሳ የዘረመል ምርመራ ይጠይቃል። ውጤቱ ልጁ የሟች አለመሆኑን ሲያሳይ ካርዱ ይሰረዛል። በእጁ የጉዲፈቻ ውሳኔ የለም። የወለዱት ወላጆቹ ስምም ከመዝገብ ላይ ስለጠፋ ከእነሱ ለመውረስ እንደገና መወለዱን ማስረዳት ይኖርበታል። በሁለቱም በኩል ይጎዳል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ልጁን በእውነተኛ ወላጆቹ ስም አስመዝግቡና ጉዲፈቻውን በላዩ አስጸድቁ።

አባት ጠፍቷል ብሎ የእናትን ፈቃድ ብቻ ይዞ መቅረብ

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ልጇን ለታላቅ እህቷ ለመስጠት ተስማማች። አባትየው የት እንዳለ አይታወቅም አለችኝ። አመንኳትና በእሷ ፊርማ ብቻ አመልካቾቹን ይዤ ችሎት ገባሁ። ዳኛዋ የልደት ካርዱን ገልጠው «አባት ስሙ እዚህ አለ። ሞቷል? መጥፋቱ በፍርድ ተወስኗል?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም። መዝገቡ ለወራት ተጓተተ፤ ልጁ እስከዚያ ትምህርት ቤት የሚመዘገብበት ወረቀት አጥቶ ተቸገረ።

ሕጉ ግልጽ ነው። አባትም እናትም በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንዳቸው ከሞቱ፣ ከጠፉ፣ ካልታወቁ ወይም በሕግ ችሎታ ካጡ የሌላው ፈቃድ ይበቃል። ግን «ጠፍቷል» የሚለውን እናንተ ሳትሆኑ ማስረጃው መናገር አለበት። ከሞተ የሞት የምስክር ወረቀት ይቅረብ። ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን ማመልከት ይቻላል። የት እንዳለ የሚያውቅ ዘመድ ካለ ደግሞ ሄዳችሁ አናግሩት። ልጁን የሚወስደው የገዛ ዘመዱ መሆኑን ሲሰማ የሚፈርም አባት ብዙ ነው። የሚያስፈራው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

አንዱ ወላጅ እምቢ ካለስ? ልጁ 10 ዓመት የሞላው ከሆነ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም።

ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች እናት በስልክ «ተስማምቻለሁ» ማለቷ ፈቃድ አይደለም። ውክልና መላክ አለባት። ውክልናው «ጉዳዮቼን ሁሉ እንድትፈጽምልኝ» የሚል አጠቃላይ ከሆነ አይበቃም። የልጁን ሙሉ ስም፣ የጉዲፈቻ አድራጊውን ስምና ልጁን በጉዲፈቻ ለመስጠት መፍቀዷን በግልጽ ይጻፍ። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተዘጋጅቶ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ይህን ሳያሟሉ የመጡ ሰዎች እናትየዋ ለሁለተኛ ጊዜ ከቀጣሪዋ ፈቃድ ለምና ወደ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንድትሄድ ሲያስገድዱ አይቻለሁ። ለእሷ ያ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። ወላጆች ሲፈርሙ ነገ መልሰን እንወስደዋለን ብለው እንዳያስቡ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ጉዲፈቻ በሐሳብ መቀየር አይፈርስም። የሚፈርሰው ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ነገር ሲያሠራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲይዘው ነው።

ባለትዳር ሆኖ ለብቻ ማመልከት

ባልና ሚስት አንድ ላይ መፈረም አለባቸው። «የእኔ እህት ልጅ ስለሆነ እኔ ብቻ» አይሆንም። ብቻውን ማድረግ የሚቻለው የትዳር ጓደኛን ልጅ ሲወስዱ ወይም የትዳር ጓደኛው ፈቃዱን መግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ነው። ዕድሜም ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ለባለትዳሮች የአንዳቸው 25 መሙላት ይበቃል።

ልጁ ከወለዱት ይቆረጣል ብሎ መፍራት

ብዙ እናቶች እንዳይፈርሙ የሚያደርጋቸው ይህ ነው። «አያቱ የሚተውለት መሬት አለ፤ በጉዲፈቻ ከሰጠሁት ያጣዋል» ይላሉ። አያጣም። በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። የወለዱትንም ይወርሳል፣ ያሳደጉትንም እንደ ተወለደ ልጅ እኩል ይወርሳል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ የግድ በሆነበት ጉዳይ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። አንዲት እናት ይህን ስነግራት እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ፈረመች።

ጉዲፈቻ አድራጊው የራሱ ልጆች ቢኖሩትም እንቅፋት አይሆንም። የእህት ልጅ ከእነሱ ጋር እኩል ድርሻ ይኖረዋል። ለልጆቻችሁ ይህን በሕይወት እያላችሁ ንገሯቸው። ከቀብር በኋላ ከእኔ አፍ ሲሰሙት ነው ጠብ የሚነሳው።

የዘመድ ተቃውሞ ሁሉን ያፈርሳል ብሎ ማቆም

የጉዲፈቻ አድራጊው ወላጆች ወይም ወንድምና እህቶች መቃወም ይችላሉ። ጉዲፈቻው በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ተቃውሞአቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ካስመዘገቡ ጉዲፈቻው በተቃወሙት ላይ ብቻ ውጤት አይኖረውም። ልጁ አሳዳጊውን መውረሱን ግን ሊያስቀሩት አይችሉም።

18 ዓመት እስኪሞላ መጠበቅ

ከ18 ዓመት በኋላ ጉዲፈቻ የለም። ጊዜው ካለፈባችሁ የቀራችሁ ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ እዚያው በተናዛዡና በምስክሮቹ ይፈረማል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ኑዛዜ ለመቀበል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ምስክሮች በሌላ ቀን ቤታቸው የፈረሙበት ኑዛዜ ፈራሽ ሲሆን ያየሁት ብዙ ነው።

ውሳኔውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ

ስምምነቱ ጸደቀ ብላችሁ አትቁሙ። ማኅተም ያረፈበትን የውሳኔ ግልባጭ ቢያንስ ሦስት አውጡ። አንዱን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱና ጉዲፈቻውን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አስመዝግቡ። አንዱን ለልጁ ስጡት። ሦስተኛውን ከእናንተ ቤት ውጭ ባለ በታመነ ሰው እጅ አኑሩ። አሳዳጊ ሲሞት መጀመሪያ ቁልፍ የሚይዘው ልጁ አይሆንምና።