ሽቶው ኮፒ መሆኑን ከፎቶ ብቻ እንዴት ትለያላችሁ

ለእህቴ ሰርግ የሻኔልን ኮኮ ማድሞዜል ስፈልግ አንድ ኮምቦልቻ ያለ ልጅ ቴሌግራም ላይ ለጥፎት አገኘሁ፣ እኔ ያለሁት ደሴ ስለሆነ ሚኒባስ ይዤ ከመውረዴ በፊት ፎቶውን በደንብ ልየው አልኩ። ያየሁትን በየተራ ልንገራችሁ፣ ለሌላ ሽቶም አብዛኛው ይሰራል።

መጀመሪያ ፎቶውን በትክክል አስነሱ። ቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ይጨምቀዋል፣ ዙም ስታደርጉት ደብዝዞ ቁጥሩም መስመሩም ይጠፋል፣ ስለዚህ "በፋይል ላክልኝ" በሉት። ስልኩን ጠርሙሱ ወገብ ልክ ላይ ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ ያንሳ፣ ተጠግቶ ከላይ ካነሳው ደህናው ክዳንም ጠማማ መስሎ ይታያል፣ እና ሰውየውን በከንቱ ትጠረጥሩታላችሁ። ጎኑ ላይ የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ ያስቀምጥ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ወስዶ የሚለጥፍ ሞልቷል።

ከዛ ክዳኑን እዩ። የኮኮ ማድሞዜል ክዳን መስታወት የሚመስል ግልጽ ነገር ነው፣ ሲከደን ጎኖቹ ከጠርሙሱ ጎኖች ጋር ትይዩ መሆን አለባቸው፣ ከስሩ ያለው ክፍተትም በግራም በቀኝም እኩል ነው። የልጁ ፎቶ ላይ በቀኝ በኩል ገጥሟል፣ በግራ ግን ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። አንዳንዴ ክዳኑ በደንብ ሳይጫን ቀርቶም ይሆናል፣ ስለዚህ አውልቆ መልሶ ከድኖ እንዲያነሳው ጠየቅኩት፣ መልሶም ያው ሆነ።

አሁን ዋናው፣ ቱቦው። ከስፕሬዩ ወደ ታች የምትወርደው ስትሮ ማለቴ ነው። ኦርጅናሉ ላይ ቀጭን ናት፣ ሽቶው ውስጥ ስትገባ ደግሞ የጠፋች ትመስላለች። ምክንያቱም የተሰራችበት ፕላስቲክ ብርሃን የሚያጥፈው ከሽቶው ፈሳሽ ጋር በጣም በተቀራረበ መጠን ስለሆነ ዓይን ሁለቱን መለየት ያቅተዋል፣ ከፈሳሹ በላይ ባለችው ባዶ ቦታ ላይ ግን በግልጽ ትታያለች። ስለዚህ ጠርሙሱን መስኮት ፊት አስይዛችሁ አስነሱት፣ ከኋላው ብርሃን ይኑር፣ ፍላሽ አይብራ። የልጁ ጠርሙስ ውስጥ ነጣ ያለች ወፍራም ቱቦ ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ርዝመቷም ስላልተለካ ታች ደርሳ እንደ መንጠቆ ትታጠፋለች። ኮፒ የሚሰሩት ርካሽ ቱቦ አንድ ልክ ቆርጠው ለሁሉም ጠርሙስ ስለሚከቱ ነው እንዲህ የሚሆነው። ግን ልብ በሉ፣ ቱቦዋ የምትታይ ኦርጅናል ሽቶም ብዙ አለ፣ ሁሉም ካምፓኒ የማትታየዋን አይጠቀምም፣ ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ ከዛው ሽቶ ትክክለኛ ጠርሙስ ጋር ነው። ታች ደርሳ ትንሽ ጎበጥ ማለትም ችግር የለውም።

መስታወቱ ላይ ብዙ አትቆዩ። ጠርሙስ በፎርማ ነው የሚወጣው፣ ፎርማው የሚጋጠምበት መስመር የሆነ ቦታ ይኖራል፣ ውድ ጠርሙስ ላይ ግን ጠርዝ ላይ ተደብቆ ለስልሶ ነው የሚገኘው። ትከሻው ላይ ወይ ፊት ለፊቱ ላይ ወጣ ያለ መስመር፣ ውስጡ አረፋ፣ ወይ አንድ ጎኑ የወፈረ መቀመጫ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ ጠርሙሱን ገልብጦ ስሩን ያንሳላችሁ፣ መብራቱ ከጎን ይምጣ፣ ከፊት ከመጣ መስታወቱ ያብረቀርቅና ቁጥሩ አይነበብም። ሻኔል ላይ ባች ኮዱ፣ ማለትም ሽቶው በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው ቁጥር፣ አራት አሃዝ ነው፣ መስታወቱ ላይ ደቃቅ ሆኖ ነው የሚሰፍረው፣ ካርቶኑ ላይ ካለውም ጋር አንድ መሆን አለበት። ልጁ ጋ ጠርሙሱ 7402 ይላል፣ ካርቶኑ 7810፣ የጠርሙሱ ቁጥር ደግሞ አንዱ አሃዝ ከሌላው ዝቅ ብሎ በቀለም የታተመ ነው። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይሸወድበታል፣ ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አስገብተው የተመረተበት ቀን ሲወጣላቸው ኦርጅናል ነው ብለው ይከፍላሉ። ያ ገጽ ቁጥሩን ወደ ቀን ይቀይራል እንጂ ጠርሙሱን አያውቀውም፣ ኮፒ ሰሪ ደግሞ ከእውነተኛ ጠርሙስ ላይ ቁጥሩን ገልብጦ ሺህ ጠርሙስ ላይ ያትመዋል። ስለዚህ ኮዱ ካልተመሳሰለ መጥፎ ምልክት ነው፣ ተመሳሰለ ማለት ግን ገና ምንም አላረጋገጣችሁም።

አንድ ምልክት ብቻ ይዤ ፌክ ነው አልልም፣ እዚህ ግን ክዳኑም ቱቦውም ኮዱም አንድ ላይ መጡ። ልጁን ስለ ሁለቱ ቁጥሮች ስጠይቀው "አብሽሪ እህቴ፣ ካርቶኑ ተቀያይሮ ነው፣ ሌላ አለ" አለኝ። እሺ የዛኛውንም ስሩን በፋይል ላክልኝ አልኩት፣ መልእክቴን አይቶታል፣ ፎቶው ግን አልመጣም፣ እኔም ኮምቦልቻ አልወረድኩም።