መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከሀዲዱ የሚወጣ ተንሸራታች በር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ በር ሞተር የሚተክልና የሚጠግን ሰው በተደጋጋሚ የሚጠራበት ብልሽት አንድ ነው። በሩ ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ማግሥት ማቆም ያለበት ቦታ ላይ ሳይቆም ያልፋል፤ በመዝጊያው በኩል ምሰሶውን ይገጫል፣ በመክፈቻው በኩል ደግሞ ከላይ ከሚይዙት ሮለሮች ወጥቶ ወደ ጎን ይወድቃል። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ «ኃይለኛ መብራት መጥቶ ቦርዱን አበላሸው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ተጠርቼ ከሄድኩባቸው ግቢዎች በአብዛኞቹ ቦርዱ ደህና ነበር። ፊውዝ፣ ብሬከርና የሪሞት ባትሪ ቀድመው እንደታዩ በማሰብ በቀጥታ ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ።

ኮተቤ አካባቢ ያየሁት አንድ ግቢ ነገሩን በሚገባ ያስረዳል። በሩ ከቱቦላሬና ከላሜራ የተሠራ፣ የመንገዱ ርዝመት 4.5 ሜትር የሆነ፣ ክብደቱም ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ነበር። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ መኪና መግባት ስለነበረበት ጥበቃው ሞተሩን በመፍቻ ቁልፉ ፈትቶ በሩን በእጁ ገፋው። እንዲህ ያለ ክብደት አንዴ መሽከርከር ከጀመረ በቀላሉ አይቆምምና በሩ ከተለመደው የመክፈቻ ነጥብ አልፎ አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ጥበቃው መኪናውን አስገብቶ ሞተሩን መልሶ ቆለፈ፤ መብራትም ወዲያው መጣ። የቤቱ ባለቤት በሩን ለመዝጋት ሪሞቱን ሲጫን በሩ ይባስ ብሎ ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ተነሣ፤ በሩ ላይ የታሰረው የጥርስ ባር አልቆ፣ ከሚነዳው የሞተሩ ጥርስ ከፒኞኑ እስኪላቀቅ ድረስም አልቆመም። በሩ ከላይኛው መያዣ ወጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ። አጥሩ ድንጋይ ባይሆን ኖሮ መሬት ላይ ይዘረጋ ነበር፤ ከሥሩ ሰው ቢኖር ምን ይሆን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተገጣጥመዋል። የመጀመሪያው፣ አብዛኛው ኮንትሮል ቦርድ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በሩ የት እንዳለ አያስታውስም፤ ስለዚህ የሚቀበለውን የመጀመሪያ ትእዛዝ «ክፈት» ብሎ ይወስደዋል። ሁለተኛውና ዋናው በሩን ጫፍ ላይ የሚያቆመው የሊሚት ስዊች ጠባይ ነው። ሞተሩ ላይ የተተከለችው ስፕሪንግ ባሩ ላይ የታሰረው ላሜራ ሲገፋት ወደ ጎን ታዘነብልና ቦርዱን «ደርሰሃል፣ ቁም» ትላለች። ይሁን እንጂ በሩ በእጅ ተገፍቶ ላሜራው ካለፋት ስፕሪንጓ ተስፈንጥራ ወደ መሃል ትመለሳለች። ማግኔት ያለው ዓይነትም ከዚህ አይለይም፤ ማግኔቱ ከሴንሰሩ ፊት ካለፈ ምልክቱ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት በሩ ከጥግ አልፎ ቆሞ ሳለ ቦርዱ የሚያየው መሃል መንገድ ላይ ያለ በር ነው። «ክፈት» ሲባልም የሚያቆመው ነገር የለም።

መፍትሔው ቦርድ መቀየር ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ የብረት ማቆሚያ ማድረግ ነው። ብዙ በያጆች በመዝጊያው በኩል ምሰሶው ስላለ ይበቃል ብለው የመክፈቻውን ጫፍ ክፍት ይተዉታል፤ በር የሚወድቀው ግን በዚያ በኩል ነው። ማቆሚያው ወፍራም አንጎላሬ ሆኖ ከኮንክሪቱ ጋር በብሎን መታሰር፣ በሩን የሚነካው ፊቱም ላስቲክ መልበስ አለበት። ከሀዲዱ ጋር በአንድ ነጥብ ብየዳ የተያዘ ቁራጭ ብረት ማቆሚያ አይባልም፤ በሁለተኛው ምት ተነቅሎ ያገኘሁት ብዙ ነው። ለብየዳ የሚመጣው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሞተሩን ብሬከር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የቦርዱን ሽቦዎች መንቀል ያስፈልጋል። ማቆሚያ ለመበየድ ተብሎ ጤነኛ ቦርድ የተቃጠለበትን ግቢ አይቻለሁና።

የማቆሚያው ቦታ በግምት አይወሰንም። ሞተሩን በቁልፍ ይፍቱና በሩን በእጅዎ ማቆሚያው እስኪነካ ድረስ ይግፉት፤ ከዚያም ቦርዱ ላይ ያለችውን የሊሚቱን መብራት ይመልከቱ። ሊሚቱ በኤንሲ፣ ማለትም በደህናው ጊዜ መስመሩ ተዘግቶ፣ የተገናኘ ከሆነ መብራቷ በመንገድ ላይ በርታ፣ ጫፍ ላይ መጥፋት አለባት። በሩ ማቆሚያውን ተደግፎ ሳለ መልሳ ከበራች ላሜራው ስፕሪንጓን አልፏል ማለት ነው፤ እንግዲህ ወይ ላሜራውን ወደ ውጭ ያንቀሳቅሱ፣ ወይ ማቆሚያውን ወደ ውስጥ ያስገቡ። የሚፈለገው በሩ በእጅም ተገፋ በሞተር፣ ስፕሪንጓ ሳትለቀቅ በፊት ብረቱ እንዲይዘው ነው። በሞተር ሲሄድ ደግሞ ማቆሚያውን ሳይነካ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ቀደም ብሎ ይቁም። የተለመደው ሞተር በደቂቃ 10 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በሰከንድ ወደ 17 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ከባድ በር ኃይሉ ከተቋረጠም በኋላ ጥቂት ይንሸራተታል። ስለዚህ ቦርዱ ጫፍ ላይ ፍጥነት መቀነስ የሚችል ከሆነ ይህን ሳያስተካክሉ ላሜራውን አያጥብቁ።

አንዳንዶች «የሥራ ሰዓቱን ካሳጠርነው ይበቃል» ይላሉ። የሥራ ሰዓት ማለት ሊሚት ባይመጣም ቦርዱ ሞተሩን የሚያጠፋበት ጊዜ ነው። 4.5 ሜትር ለመሄድ 27 ሰከንድ ያህል ስለሚበቃ 32 ላይ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ 90 ሰከንድ ላይ ተረስቶ የቀረ ብዙ ቦርድ አለ። ነገር ግን ከጥግ የተነሣ በር በ5 ሰከንድ ውስጥ ብቻ 80 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ ይህ ቅንብር ማቆሚያውን አይተካም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ችግር የሽቦው አገናኘት ነው። የሚያቆም ምልክት ሁሉ፣ ሊሚትም ሆነ በበሩ መንገድ ላይ ያለን ሰው በጨረር የሚያውቀው ፎቶሴል፣ በኤንሲ መገናኘት አለበት፤ ማለትም በደህናው ጊዜ መስመሩ የተዘጋ ሆኖ ሲከፈት በሩ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ አይጥ ሽቦውን ቢበላው ወይም ተርሚናሉ ቢዝግ በሩ ባለበት ይቀራል፤ በኤንኦ፣ ማለትም በደህናው ጊዜ መስመሩ ክፍት ሆኖ፣ ከተገናኘ ግን የተበጠሰ ሽቦና ጤነኛ ሽቦ ለቦርዱ አንድ ናቸው። የሁለቱም ሊሚት መብራት በአንድ ጊዜ ጠፍቶ በሩ አልነሣ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ሽቦው ተበጥሷል። እዚህ ላይ ነው የማይታገሡት የሚሠሩት ጥፋት፦ ተርሚናሎቹን በአጭር ሽቦ አገናኝተው «ሠራ» ብለው ይሄዳሉ። በሩ በእርግጥ ይሠራል፤ የሚያቆመው ግን የለም።

በፎቶሴል ላይም ይኸው ይደረጋል። አቧራ ሸፍኖት ወይም የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት መትቶት በሩ አልዘጋ ሲል ተርሚናሉን ያገናኙታል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱ ፎቶሴሎች ንጹሕ ሆነው ግድግዳው ላይ ተተክለው አየሁ፤ ከቦርዱ ጋር ግን አንዳቸውም አልተገናኙም ነበር፤ ቤተሰቡም ልጆቹ ተጠብቀዋል ብሎ ያምን ነበር። ፍተሻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ በሩ እየዘጋ ሳለ በካርቶን ጨረሩን ይጋርዱ፤ ቆሞ መመለስ አለበት። ቀጥሎ በሩ ቆሞ ሳለ የላኪውን ሽቦ ይንቀሉና እንዲዘጋ ይዘዙት፤ እምቢ ካላለ ፎቶሴሉ ጌጥ ነው።

ሲነካ እንዲመለስ የሚያደርገውን የግፊት መጠን በተመለከተ፣ የከተማችን መብራት የራሱን ወጥመድ ያጠምዳል። በ220 ቮልት የሚሠራ የኤሲ ሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይወርዳል፤ ምሽት ላይ ቮልቴጁ 180 ከደረሰ ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ተጠርቶ «በሩ መሃል ላይ ይመለሳል» ሲባል ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሌሊት ቮልቴጁ ሲስተካከል ያው በር ሰው ቢነካም የማይመለስ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ግፊቱን ከመንካትዎ በፊት ቮልቴጁን በመልቲሜትር ይለኩ። በሩንም ፈትተው በአንድ እጅ ይግፉት፤ በአንድ እጅ የማይሄድ በር ችግሩ ሮለሩ ወይም በጠጠር የተሞላው ሀዲድ እንጂ የግፊቱ ቅንብር አይደለም። በርካሽ ኩሽኔታ የተሠሩ ሮለሮች አንድ ክረምት ውኃ ከጠጡ በኋላ ሞተሩን ያስወቅሳሉ።

ሞተር ወይም ሞተሩ እንዲነሣ የሚረዳው ካፓሲተር ከተቀየረ በኋላ በሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሄድ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ብቻ አቀያይሮ መሄድ አይበቃም፤ አቅጣጫውና ሊሚቱ ካልተጣጣሙ በሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሌላኛው አቅጣጫ ሊሚት ነው የሚከፈተው። ይህን ለማወቅ በሩን መሃል ላይ አድርገው ያስነሡና ስፕሪንጓን በጣትዎ ሳይሆን በእንጨት ይግፏት፤ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲገፏት ወዲያው መቆም አለበት። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልተነሣ ካፓሲተሩ ነው፤ ብዙ ከሠራ በኋላ ቆሞ በግማሽ ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ራሱን አጥፍቷል።

መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ያድርግ ለሚለው፣ አንዳንድ ባለቤቶች በራሱ እንዲከፈት ይፈልጋሉ። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ይህ ግቢውን ለሌባ ማስረከብ ስለሆነ ባለበት እንዲቆም ማድረጉን እመርጣለሁ፤ የኤሲው ሞተር ጊርም ሳይፈታ በእጅ ስለማይገፋ በሩን ይይዘዋል። ታዲያ የመፍቻው ቁልፍ ከጥበቃው ዘንድ መገኘት አለበት፤ እሳት ቢነሣ ቁልፉ ሳሎን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት መገኘት የለበትም። ባትሪ ያለው የ24 ቮልት ሞተር ከሆነ ደግሞ ብሬከሩን አጥፍተው በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ከፍተው ይዝጉ፤ የሞተ ባትሪ የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ሌሊት ብቻ መሆን የለበትም።

ሀዲዱ ተዳፋት ላይ ከሆነ ሞተሩ በተፈታ ቅጽበት በሩ በራሱ ይንከባለላል። እንዲህ ባለ ግቢ ጥበቃው መጀመሪያ ከሮለሩ ፊት ሽብልቅ አድርጎ፣ ከበሩ ጎን ቆሞ እንጂ በሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ቆሞ መፍታት የለበትም። ሀዲዱን ማስተካከል እስኪቻልም ለእንዲህ ያለ በር ሞተር ለመትከል እምቢ እላለሁ።

ሥራውን ጨርሼ ከመውጣቴ በፊት በሩ መሃል ላይ ሳለ ብሬከሩን አጠፋለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ እመልሰዋለሁ። በሩ ሪሞት እስኪጫን ድረስ ባለበት መቆም አለበት፤ መብራት እንደመጣ በራሱ ከተነሣ የመነሻ ቅንብሩ ወይም የሪሞት ተቀባዩ መታየት አለበት። ከዚያም ጥበቃውን ጠርቼ ሞተሩን ራሱ እንዲፈታ፣ በሩን እስከ ማቆሚያው እንዲገፋና መልሶ እንዲቆልፍ አደርጋለሁ፤ እኔ ቦርዱ ዘንድ ሆኜ የሊሚቷን መብራት እያየሁ።