ፕሮሰሰር በጌም መሀል ሲጓተት፦ የኃይልና የሙቀት ገደብን ስናነሳ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሐምሌ በጎንደር ማራኪ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ኢንቴል Core i7-10700 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተሩን አመጣልኝ። ጨዋታው ሲከፈት ጥሩ እንደሚሄድ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ግን እንደሚንቀራፈፍ ነገረኝ። ቴርማል ፔስቱን ሁለት ጊዜ ቀይሮ ምንም ለውጥ አላገኘም። የሚከተሉትን ስህተቶች የማስረዳው በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ባየሁት ነው።

ፍጥነት ሲወርድ ሁሉ ሙቀት ነው ብሎ መደምደም

ፕሮሰሰር ወደ ቱርቦ ፍጥነቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከሙቀቱ በፊት የኃይል ገደቡ፣ ማለትም እንዲስብ የተፈቀደለት የዋት መጠን፣ ሊይዘው ይችላል። የትኛው እንደያዘው የሚለየው በመለካት ነው። HWiNFO64 የተባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ጨዋታውን ለሃያ ደቂቃ ተጫውቶ፣ Performance Limit Reasons በሚለው ክፍል ሥር Yes የሚል የትኛው መስመር ላይ እንደታየ መመልከት ይበቃል። IA: Package-Level RAPL/PBM PL1 ላይ ከሆነ የያዘው የኃይል ገደብ ነው፤ IA: Thermal Event ወይም IA: PROCHOT ላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። በወጣቱ ኮምፒውተር ላይ ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲሆን ፕሮሰሰሩ የሚስበውን ኃይል የሚያሳየው CPU Package Power ግን ከ65 ዋት ንቅንቅ አይልም ነበር። ፍጥነቱም ከ4.6 ጊጋኸርዝ ወደ 4 አካባቢ ወርዶ ነበር። ፔስት ቢቀየር ለውጥ ያልመጣው ለዚህ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የግራፊክስ ካርዱን ሥራም ማየት ያስፈልጋል። ካርዱ ያለማቋረጥ 97 ወይም 98 በመቶ እየሠራ ከሆነ ጨዋታውን የያዘው እሱ ነውና የፕሮሰሰሩን ገደብ ማንሳት ትርፉ ሙቀት ብቻ ይሆናል።

የማይመለከተውን ገደብ ከፍ ማድረግ

ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጣቸው እሴቶች ሦስት ናቸው፦ የረጅም ጊዜው ገደብ PL1 65 ዋት፣ የአጭር ጊዜው PL2 224 ዋት፣ የጊዜ መለኪያው Tau ደግሞ 28 ሰከንድ። ፕሮሰሰሩ የሚቆጥረው የቅርብ ጊዜ ፍጆታውን አማካይ ነው። አማካዩ ከ65 ዋት በታች እስከሆነ ድረስ እስከ PL2 መሳብ ይፈቀድለታል፤ አማካዩ 65 ሲደርስ ግን እዚያው ይታሰራል። ሥራ ፈትቶ የቆየ ፕሮሰሰር 95 ዋት የሚፈልግ ጨዋታ ቢጀምር አማካዩ ገደቡ ላይ የሚደርሰው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ወጣቱ የነገረኝም ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚያደርጉት PL2ን ከፍ ማድረግ ለጌም አይረዳም። Tauን ማርዘምም መታሰሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከፍ ማለት ያለበት PL1 ነው፤ እሱም በብዙ ባዮሶች ላይ Long Duration Power Limit በሚል ስም ይገኛል።

ገደቡን በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ መልቀቅ

በባዮስ ውስጥ 4095 ብሎ መሙላት ገደቡን ጨርሶ እንደማስወገድ ይቆጠራል፤ ጨዋታው ባይጠቀምበትም ቪዲዮ ማቀነባበርን የመሰለ ከባድ ሥራ በመጣ ጊዜ ግን ፕሮሰሰሩ ትንሹ ፋንና የማዘርቦርዱ የኃይል ማከፋፈያ ክፍሎች ከሚችሉት በላይ ይስባል። በተለይ እነዚህ ክፍሎች የብረት ማቀዝቀዣ በሌላቸው ርካሽ ቦርዶች ላይ IA: VR Thermal Alert የሚለው መስመር Yes ካለ ገደቡን ወዲያውኑ ዝቅ አድርጎ መመለስ ይገባል። እኔ መጀመሪያ 80 ዋት ሞከርኩ፤ PL1 አልፎ አልፎ Yes ይል ነበር። 95 ላይ ጠፋ፤ ፍጥነቱም 4.6 ላይ ጸና። ከዚያ በላይ መጨመር ለዚያ ጨዋታ ምንም አይጨምርለትምና እዚያው አቆምኩ።

በክረምት ለክቶ ለበጋ መተማመን

95 ዋት ላይ ሙቀቱ 86 ዲግሪ ደረሰ፤ ለዕለቱ የሚያሰጋ አልነበረም። ይሁን እንጂ ያ የሐምሌ ዝናባማ ቀን ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ የጎንደር ክፍል ስድስት ሰባት ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው መጠን ይሞቃልና 93 ይደርሳል፤ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ 100 ሩቅ አይሆንም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በቆላማ ከተማ የተለካ የማቀዝቀዣ ውጤት እዚህ እንዳለ አይሠራም። ስለዚህ 95 ዋቱን የተውኩለት ትንሹ ፋን በትልቅ የማማ ቅርጽ ማቀዝቀዣ ከተተካ በኋላ ነው።

የሙቀት መከላከያውን ማጥፋት

ይህ ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ጣሪያውም ወደ ላይ የሚገፋ ነገር አይደለም። የኮምፒውተሩ አምራች ጣሪያውን ዝቅ አድርጎት ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው በቂ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ 95 መመለስ ይቻላል፤ በጥንቃቄ ገደብ ማንሳት የምለው ይህን ያህሉን ነው። በላፕቶፕ ላይ ThrottleStop የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ BD PROCHOT ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት እንደ መፍትሔ ሲመከር እሰማለሁ። BD PROCHOT የግራፊክስ ቺፑ፣ የኃይል ክፍሉ ወይም ቻርጀሩ ችግር ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩን የሚያስጠነቅቅበት መንገድ ነው። ላፕቶፑ 800 ሜጋኸርዝ ላይ ተቸክሎ ከቀረ በመጀመሪያ ቻርጀሩ ትክክለኛው ዋት ያለው መሆኑን መፈተሽ ይገባል።