«ሁልጊዜ» የሚልን አባባል እንዴት ማፍረስ ይቻላል? ተቃራኒ ምሳሌና ቅራኔ

«ሁሉም»፣ «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚልን አባባል ለማፍረስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አባባሉ የማይሠራበትን አንድ ነገር ፈልጎ ማሳየት ነው፤ ይህ ተቃራኒ ምሳሌ ይባላል። ሌላው አባባሉን ለጊዜው እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መከተልና ከራሱ ጋር ሲጋጭ ማሳየት ነው። ሁለቱንም በአንድ የቁጥር ጉዳይ ላይ እንሞክራቸው። የሚያስፈልገው መደመርና ማባዛት ብቻ ነው።

ከሂሳብ ሊቁ ከኦይለር ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቅ አንድ ቀመር አለ፦

n × n + n + 41

በ n ቦታ 0 ስናስገባ 41 ይወጣል፤ በ1 ደግሞ 43፣ በ2 47፣ በ3 53። ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች (ፕራይም) ናቸው፤ ማለትም ከ1 የሚበልጡ ሆነው ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም። እስከ 39 ድረስ ብንቀጥልም ይህ አይለወጥም። በ39 የሚወጣው 1601 ራሱ ብቸኛ ነው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ቀመሩ ሁልጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል» ቢል አይፈረድበትም።

መጀመሪያ አባባሉን በግልጽ ጻፉት። ስለ የትኞቹ ነገሮች ነው የሚናገረው? ስለ እነሱስ ምን ይላል? እዚህ ላይ የሚናገረው ከ0 ጀምሮ ስላሉት ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ ነው። ስለዚህ n ግማሽ ሲሆን ምን እንደሚወጣ ማሳየት አባባሉን አይነካውም። ብዙ ክርክር ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንዱ ያላለውን ሌላው ያፈርሳል።

ቀጥሎ ተቃራኒ ምሳሌ ፈልጉ። ፍለጋው በዘፈቀደ መሆን የለበትም። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር የምንፈልግ ከሆነ ውጤቱን ከ1 የሚበልጡ የሁለት ቁጥሮች ብዜት የሚያደርገው n የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ። 40ን እናስገባ፦ 40 × 40 + 40 ማለት 40 × 41 ነው። በዚያ ላይ 41 ሲጨመር 41 × 41 ይሆናል፤ ማለትም 1681። ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ አባባሉ ፈርሷል። ከ0 እስከ 39 ያሉት 40 ምሳሌዎች አንድ ላይ ሆነው ይህን አንዱን ሊመልሱት አይችሉም።

ባለአባባሉ ግን እጁን ላይሰጥ ይችላል። «41 ላይ ነው ስህተቱ፤ በእሱ ምትክ ሌላ ቁጥር ብናስገባ ሁልጊዜ የሚሠራ ቀመር እናገኛለን» ይል ይሆናል። ይህ አዲስ አባባል ነው፤ ከፊተኛውም ይከብዳል። 17ን ብናፈርስበት 19ን ያመጣል፤ 19ን ብናፈርስበት ሌላ። በተናጠል ስናሳድድ ማለቂያ የለውም። ሁለተኛው መንገድ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

አባባሉን ተቀበሉና ተከተሉት። እንዲህ ያለ ቁጥር አለ እንበል፤ ስሙን c እንበለው። n × n + n + c ለሁሉም n ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል ማለት ነው። n 0 ሲሆን የሚወጣው c ራሱ ስለሆነ c ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 2 ነው። አሁን በ n ቦታ c ራሱን እናስገባ፦

c × c + c + c = c × (c + 2)

ይህ ከ1 የሚበልጡ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ስለሆነ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ሁልጊዜ ብቸኛ ይሰጣል ያልነው ቀመር ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሰጠ። ስለዚህ የተነሳንበት ግምት ሐሰት ነው፤ እንዲህ ያለ c የለም። ማስረጃው ተቃራኒ ምሳሌው የት እንዳለም ጠቁሞናል፤ c 41 ሲሆን n = 41 ላይ 41 × 43 = 1763 እናገኛለን።

በዚህ መንገድ ስትሄዱ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የደረሳችሁበት ነገር እውነተኛ ቅራኔ መሆን አለበት። የሚያስገርም ወይም ደስ የማይል ውጤት ብቻ ከሆነ ባለአባባሉ «ይሁን፣ እቀበለዋለሁ» ሊላችሁ ይችላል፤ ያኔ ምንም አልፈረሰም። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ሳታስተውሉ የጨመራችሁት ሌላ ግምት ካለ ቅራኔው የመጣው ከእሱ ሊሆን ይችላል። ከላይ c ቢያንስ 2 መሆኑን ባናረጋግጥ ኖሮ ማስረጃው ክፍተት ይኖረው ነበር፤ c 1 ቢሆን c × (c + 2) 3 ነው፣ 3 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ «ይህን ከየት አመጣሁት?» እያላችሁ ወደ ኋላ ፈትሹት። መልሱ ከአባባሉ ወይም ሁለታችሁም ከምትቀበሉት ነገር ካልሆነ፣ የፈረሰው የእሱ አባባል ሳይሆን የእናንተ ጭማሪ ሊሆን ይችላል።